ነቀዝ የገባበት እህልና ዱቄት፦ የቱ ይተርፋል፣ የቱ ይጣላል?

ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ዝናቡ ጠንከር ከማለቱ በፊት ጓዳዬን ላጸዳ ገብቼ ከስንዴው ማዳበሪያ አፍ ላይ ሦስት ጥቋቁር ነቀዞች ሲሄዱ አየሁ። ማዳበሪያውን ጎትቼ ሳወጣ ከኋላው የነበረው የምስር ክክ ፌስታል የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር አፍርቷል። የተከፈተው ዱቄት ላይ ደግሞ ቀያይ ጥቃቅን ነገሮች ይርመሰመሳሉ። በጓዳው የነበረኝ 25 ኪሎ ስንዴ፣ 4 ኪሎ ድፍን ሽምብራ፣ 3 ኪሎ የምስር ክክ፣ የተከፈተ 5 ኪሎ እና ያልተከፈተ 2 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ እንዲሁም 50 ኪሎ ጤፍ ነበር።

ጎረቤቴ መጥተው አዩና፣ «ምን ያስጨንቅሻል ልጄ፤ ፀሐይ ብልጭ ስትል አስጪው፣ ሁሉም ይወጣለታል» አሉኝ። ምክራቸው ለአንዳንዱ እህል ይሠራል፣ ለአንዳንዱ ግን አይሠራም። ልዩነቱ የሚመጣው ከአንድ ነገር ነው፤ ነፍሳቱ ያለው ፍሬው ውስጥ ነው ወይስ በፍሬዎቹ መሀል ለመሀል? መሀል ለመሀል የሚሄደው በወንፊትና በሰፌድ ይወጣል። ፍሬው ውስጥ ያለውን ግን ማንም ሰፌድ አያወጣውም። ስለዚህ ምንም ነገር ከመጣላችሁም ከማስጣታችሁም በፊት ይህን መለየት አለባችሁ።

ስንዴ፣ በቆሎ፣ ማሽላ

የስንዴውና የበቆሎው ነቀዝ እንደ ዝሆን ኩምቢ ወደ ፊት የወጣ አፍንጫ አለው። ትንሽ ነው፣ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ፤ መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ብርሃን ላይ ብታዩት አፍንጫው በደንብ ይታያል። ሴቷ በዚያ አፍንጫ ፍሬውን ትቦረቡርና አንድ እንቁላል አስቀምጣ ቀዳዳውን መልሳ ትደፍነዋለች። ትሉ እዚያው ውስጥ ፍሬውን እየበላ ያድጋል፤ እኛ ቀዳዳውን የምናየው አድጎ ሲወጣ ነው። በሞቃት አካባቢ ይህ ሁሉ 5 ሳምንት ገደማ ይወስዳል፤ እንደ አዲስ አበባ ቀዝቀዝ ባለ ቤት ከዚያ ይረዝማል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሚሄዱትን ነቀዞች አበጥሮ ያወጣና እህሉ ጸዳ ብሎ መልሶ ያስቀምጠዋል። ከወር በኋላ ሲከፍተው እንደገና ሞልቷል፤ «ከየት መጣ?» ይላል። ከየትም አልመጣም፣ ቀዳዳ በሌለው ፍሬ ውስጥ ተኝቶ የነበረው ነው የወጣው።

ጉዳቱን ለመለካት ከማዳበሪያው አፍ፣ ከመሀሉና ከታች ጥቂት ጥቂት ስንዴ ዘግናችሁ ቀላቅሉ። ከዚያ ሳትመርጡ 100 ፍሬ ቁጠሩና ቀዳዳ ያለውን ለዩ። የእኔ ስንዴ ላይ 6 ፍሬ ነበር ቀዳዳ ያለው። እንዲህ ሲሆን እህሉ ሙሉ በሙሉ ይተርፋል። ከ100 ፍሬ 20 ወይም 30 ቀዳዳ ካለው ግን ድካሙን አያክልም፤ ዱቄቱ ጠቆር ይላል፣ ይመራል፣ ዳቦውም አይነሳም። እንዲህ ያለውን ሻጋታ ካልነካው ለዶሮ መስጠት ይሻላል፤ ዶሮ ፍሬውንም ነቀዙንም ትለቅማለች።

ጥራጥሬ፦ ሽምብራና አተር አንድ አይደሉም

የጥራጥሬው ነቀዝ ሌላ ነው። አፍንጫው እንደ ስንዴው አልረዘመም፣ ጎባጣና ደብለቅለቅ ያለ ነው፤ ጎልማሳው እህሉን ራሱ አይበላም። የሚጎዳው ትሉ ነው። ሽምብራውን ብርሃን ላይ ብታዩት ቆዳው ላይ የተለጠፉ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉ። ብዙዎቻችን እድፍ ይመስለናል፤ እንቁላሎቹ ናቸው። ከእንቁላሉ የተፈለፈለው ትል በቀጥታ ወደ ፍሬው ቦርቡሮ ይገባና ጎልማሳ ሆኖ በክብ ቀዳዳ ይወጣል። ወዲያው ተራብቶ እዚያው ደረቁ ሽምብራ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ሽምብራ ላይ ነቀዝ ካያችሁ በየሳምንቱ እየባሰ ነው የሚሄደው፤ መዘግየት ኪሳራ ነው።

አተር ላይ ግን ነገሩ ይለያል። የአተር ነቀዝ የሚገባው ማሳ ላይ፣ እሸቱ ገና ለምለም ሳለ ነው፤ በአማራ ክልል አተር አምራቹን ለዓመታት ያስመረረ ነው። በአንድ ፍሬ አንድ ነቀዝ ይወጣል፣ ከወጣ በኋላ ግን ደረቅ አተር ላይ አይራባም። የገዛችሁት አተር ውስጥ ነቀዝ ቢወጣ የተበላው ተበልቷል፤ የወጣው ነቀዝ ግን የቀረውን ደረቅ ፍሬ አይነካም። አበጥሮና ቀዳዳውን ለቅሞ መጠቀም በቂ ነው። ሽምብራ ላይ የምታደርጉትን ጥድፊያ አተር ላይ ማድረግ አያስፈልጋችሁም።

ሽምብራዬን ያዳንኩት በውኃ ነው። ትልቅ ሳፋ ውስጥ ውኃ ሞልቼ ጨመርኩትና በእጄ አማሰልኩት። ነቀዝ የቦረቦረው ፍሬ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ይንሳፈፋል፣ ጤነኛው ይሰምጣል። የተንሳፈፈውን ገፍፌ ጣልኩ፤ ከ4 ኪሎው ግማሽ ኪሎ ገደማ ወጣ። የቀረውን አጥልዬ ወዲያውኑ ለሽሮ አመስኩት። የሽሮ እህል ለማንኛውም የሚታመስ ነው፤ ምጣዱ ላይ በደንብ ከታመሰ ውስጡ የተረፈ እንቁላልም ትልም አይኖርም። ነቀዝ ለጀማመረው ሽምብራ ከሽሮ የተሻለ መንገድ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ፦ በውኃ ያጠባችሁትን ሳታደርቁት ወይም ሳታምሱት መልሳችሁ እንዳታስቀምጡ። ከነቀዝ ያዳናችሁትን ለሻጋታ ትሰጡታላችሁ።

የምስር ክክ

የተከካ ምስር ላይ ድር ያፈራችው የእሳት እራት ናት። ራሷ እህል አትበላም፤ ልጇ፣ ያ ነጣ ያለ ትል ነው ድሩን እየፈተለ የሚበላው። ይህ ትል በፍሬዎቹ መሀል ነው የሚኖረው። ስለዚህ ከነቀዝ ይልቅ ለማዳን ይቀላል። ድሩ አብዛኛውን ጊዜ ከላይኛው ሽፋን ላይ ይበዛል፤ እኔ የተያያዘውን ከላይ በእጄ ገፍፌ ጣልኩና የቀረውን በሰፌድ አንገዋለልኩት። ከ3 ኪሎው 2 ኪሎ ተኩል ንጹህ ተረፈ። እሱን ፍሪዘር ከተትኩ። ምስር ከመቀቀሉ በፊት ስለሚታጠብ የቀረ ነገር ቢኖር እዚያ ይወጣል።

ድሩ እስከ ፌስታሉ ታች ድረስ ከወረደና ክኩ በጓል በጓል ከተያያዘ ግን አትድከሙ። ድሩ ውስጥ ያለው የትሉ ኩስ ነው፤ በማጠብ ሙሉ በሙሉ አይለቅም።

ይህች ትል ስስ ፌስታል ትበሳለች። ደግሞም ጠግባ ልትጠቀለል ስትል ምግቡን ትታ ትወጣለች፤ ከመደርደሪያው ማዕዘን፣ ከጣሪያው ጥግ፣ ከጠርሙስ ክዳን ጥርስ ውስጥ ታገኟታላችሁ። እኔ ጓዳውን ካጸዳሁ በኋላ ሁለት ያገኘሁት የማር ጠርሙስ ክዳን ስር ነበር። ክክ ብቻ አጽድቶ መደርደሪያውን መተው ማለት ሥራውን ግማሽ መሥራት ነው።

ዱቄት ላይ አፍንጫችሁን እመኑ

አፍንጫ ያለው የስንዴ ነቀዝ ደቃቅ ዱቄት ውስጥ አይራባም፤ እንቁላሉን የሚጥልበት ድፍን ፍሬ ይፈልጋል። ዱቄት ውስጥ የምታዩት ቀይ ቡናማ፣ ጠፍጣፋ፣ አፍንጫ የሌለው ሌላ ጥንዚዛ ነው። እሱ ሁሉን ነገር ዱቄቱ ውስጥ ነው የሚያደርገው። እንቁላሉ በዓይን ሊለይ የማይችል ትንሽ ነው፣ ዱቄት ይለጠፍበትና በማንኛውም የቤት ወንፊት አልፎ ይወርዳል። በመንፋት ብቻ ዱቄት አጸዳሁ ማለት ስለዚህ ልክ አይደለም፤ ጎልማሳውና ትልልቁ ትል ብቻ ነው የወጣው።

ጥንዚዛው ሲበዛ የሚረጨው ነገር ዱቄቱን ያበላሸዋል። ቀለሙ ወደ ሮዝ ወይም ወደ ግራጫ ያደላል፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ይይዛል። ይህ ሽታ በመንፋት አይወጣም፣ በመጋገርም አይጠፋም። ለመፈተን አንድ እፍኝ ዱቄት ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ ሩብ ሰዓት ክደኑትና ስትከፍቱ አሽትቱ። የተከፈተው 5 ኪሎዬን እንዲህ ሳደርገው ገና ክዳኑን ስከፍተው ሰነፈጠኝ። ሳላመነታ ጣልኩት። ያልተከፈተው 2 ኪሎ ከውጭ ጤነኛ ይመስላል፤ ከፍቼ ስነፋው ሦስት ጥንዚዛ ብቻ ወጣ፣ ሽታም የለውም። እሱን ነፍቼ ፍሪዘር ከተትኩና በወሩ ውስጥ ዳቦ ጋገርኩበት።

የመደበኛው ዱቄት ነገር ይህ ከሆነ በርበሬና ሽሮም ከዚህ አያመልጡም። ከአገር ቤት ሽሮና በርበሬ የሚላክላችሁ በውጭ ያላችሁ፣ ሻንጣው እንደተከፈተ መደርደሪያ ላይ ሳትደረድሩት መጀመሪያ አንድ ሳምንት ፍሪዘር አስገቡት። ለቀሩት የጓዳ ዕቃዎችም ይጠቅማል።

ጤፉ? እሱ ንጹህ ነበር። የጤፍ ፍሬ ትል ሊያድግበት የማይችል ትንሽ ነው። ከተፈጨ በኋላ ግን ዱቄቱ እንደማንኛውም ዱቄት ነው፤ የጤፍ ዱቄት ጥንዚዛ አይነካውም ብላችሁ አትዘናጉ።

ፍሪዘር፣ ፀሐይ፣ እሳት ወይስ አየር መከልከል?

አራቱም ይገድላሉ። የትኛውን እንደምትመርጡ የሚወስነው የእህሉ ብዛት፣ ወቅቱና እህሉን ለምን እንደምትፈልጉት ነው።

ትንሽ ነገር ከሆነ ፍሪዘር ይበልጣል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ 4 ቀን እንቁላሉንም ትሉንም ይገድላል። የቤት ፍሪዘር በየጊዜው ስለሚከፈትና መብራትም ስለሚጠፋ እኔ 7 ቀን አደርገዋለሁ፤ መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋ ደግሞ ቆጠራውን እንደ አዲስ እጀምራለሁ። በ1 ወይም በ2 ኪሎ ከፋፍላችሁ አስገቡ፤ ትልቅ ከረጢት እንዳለ ቢገባ ቅዝቃዜው መሀሉ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ስታወጡት ደግሞ ሳትከፍቱት የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቁ፤ ቀዝቃዛውን ዱቄት ወዲያው ብትከፍቱት ላብ ያወጣና ይረጥባል።

እህሉ እንደ ጎረቤቴ አባባል ፀሐይ ላይ ምንጣፍ ላይ ብቻ ከተሰጣ የሚሆነው ይህ ነው፦ ጎልማሶቹ ሙቀቱን ሸሽተው ይሄዳሉ፣ ውስጥ ያሉት ትሎች ይቀራሉ። ፀሐይ እንዲገድል ሙቀቱን ማፈን ያስፈልጋል። መሬቱ ሙቀቱን እንዳይወስደው ከስር ካርቶን ወይም ጭድ ይደረጋል፣ በላዩ ጥቁር ላስቲክ ይነጠፋል። እህሉ ከሁለት ጣት ባልበለጠ ውፍረት ይሰጣና በነጭ ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ ተሸፍኖ ዳር ዳሩ በድንጋይ ይጫናል። እህሉ ራሱ ከ57 ዲግሪ በላይ ሞቆ አንድ ሰዓት መቆየት አለበት። በጠራ የበጋ ቀን ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ማቆየት ጥሩ ነው። ይህ ለጥራጥሬ በጣም የተመቸ ዘዴ ነው። በክረምት ግን የማይታሰብ ነው፤ የጎረቤቴን ምክር ያልተከተልኩትም ለዚህ ነው።

እሳት ማለት ምጣድ ወይም ኦቨን ነው። ለሚታመስ እህል ምጣድ ከሁሉ ይቀድማል። ኦቨን ያለው ሰው እህሉን በስሱ ዘርግቶ 60 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ቢያቆየው ይሠራል፤ ሙቀቱ ግን ወደ ውስጥ እስኪገባ ጊዜ ስለሚወስድ ትንሽ ጨምሩበት። ለዘር የምታስቀምጡትን እህል በእሳት እንዳትነኩ፣ አይበቅልም።

ብዙ እህል ሲሆን አየር መከልከል ብቸኛው አማራጭ ይሆናል ማለት ይቻላል። ነቀዙ የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ራሱ ይጨርሰዋል፣ ከዚያ ይሞታል። ገበሬው ለዚህ የሚጠቀምበት ሁለት የውስጥ ላስቲክና አንድ የውጭ ማዳበሪያ ያለው ፒክስ የሚባል ከረጢት አለ። ከተማ ውስጥ ንጹህ፣ ደረቅና ክዳኑ የማያስተነፍስ ጀሪካን ይበቃል፤ ግን ዘይትና ውኃ የነበረበት እንጂ ጋዝ የነበረበት አይደለም። እስከ አፉ መሞላት አለበት፤ ግማሽ ጀሪካን እህል ከተደረገ የቀረው ግማሽ አየር ነቀዙን ያኖረዋል።

ይህ ዘዴ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፣ እህሉ ደረቅ መሆን። እርጥብ እህል ታፍኖ ይሻግታል። ደረቅነቱን ለመፈተን ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እፍኝ እህልና ትንሽ ደረቅ ጨው ጨምራችሁ ለሁለት ደቂቃ አወዛውዙ፤ ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ እህሉ እርጥብ ነው፣ መድረቅ አለበት።

በምንም የማይተርፈው

የሻገተ ወይም የምድር ሽታ ያለው፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ግራጫ ያፈራ እህል አይበላም። እጃችሁን ማዳበሪያው ውስጥ ስትከቱ ሞቅ ካለም ተጠንቀቁ፤ ነቀዝ በበዛበት እህል ውስጥ ሙቀትና እርጥበት ይፈጠራል፣ ሻጋታው በዚያ ይከተላል። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ በማመስም በመጋገርም አይጠፋም። ለምትታለብ ላምም አይሰጥም፤ በወተቷ በኩል ተመልሶ ይመጣል። ለዶሮም እንዲሁ። ነቀዝ ራሱን በስህተት የበላ ሰው ግን አይደንግጥ፣ ነፍሳቱ በሽታ አያስተላልፍም።

ሌላው የሚያሳስበኝ የነቀዝ ክኒን የሚባለው ነው። ገበያ ላይ በፍሬ ይገዛና በቤት ውስጥ እህል ውስጥ ይጣላል። ክኒኑ ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይለቃል፤ ማርከሻ የለውም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተኛን ቤተሰብ ይገድላል። ሰው በሚያድርበት ቤት፣ ጓዳም ሆነ መጋዘኑ ከመኝታ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ከሆነ፣ ፈጽሞ እንዳትጠቀሙበት። ፍሊት መደርደሪያ ላይ መንፋትም እንዲሁ ምግቡን መበከል ነው። መደርደሪያውን ባዶ አድርጎ ስንጥቁን በብሩሽ ወልውሎ በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥቦ በደንብ ማድረቅ ይበቃል።

ስንዴዬ ምን ሆነ?

በክረምት ስለተገኘ ላጥበውና ላሰጣው አልቻልኩም። በጨው ፈትኜ ደረቅ መሆኑን አረጋገጥኩ፣ አበጥሬ የሚሄደውን አወጣሁ፣ ከዚያ 15 ኪሎውን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ 7 ኪሎ ተኩሉን ባለ 10 ሊትር ውስጥ ጨመርኩ። የሃይላንድ ፕላስቲክ አንገቱን ቆርጬ መቅጃ አደረግኩት፣ በየመሀሉ ጀሪካኑን መሬት ላይ መታ መታ እያደረግኩ እስከ አፉ ሞላሁት። ክዳኑ ስር ላስቲክ አድርጌ አጠበቅኩና ጥግ አስቀመጥኩት። የቀረውን ትንሽ ስንዴ ለቆሎ አመስኩት።

ከዚያው ስንዴ ቀዳዳ የሌለው 100 ፍሬ ቆጥሬ በጠርሙስ አድርጌ አፉን በስስ ጨርቅ አሰርኩ፤ ምጣዱ አጠገብ ሞቅ ያለ ቦታ አኖርኩት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከእነዚያ ጤነኛ ከሚመስሉ ፍሬዎች 4 ነቀዝ ወጥቷል። ጀሪካኖቹን የከፈትኩት መስከረም ላይ ፀሐይ ሲመለስ ነው፤ ከላይ የሞቱ ነቀዞች እንጂ የሚሄድ አልነበረም። ከዚያም 100 ፍሬ ቆጥሬ ሁለተኛ ጠርሙስ አሰርኩ። ስንዴውን አንገዋልዬ፣ አጥቤ የተንሳፈፈውን ገፍፌ፣ አስጥቼ አስፈጨሁት። ሁለተኛው ጠርሙስ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ምጣዱ አጠገብ ነበር፣ አንድም አልወጣበትም።